የአንዲት አዋላጅ ነርስ ጥያቄ እንዴት የጥናት ንድፍ ይሆናል?

አንዲት አዋላጅ ነርስ በደጋ ከተማ ጤና ጣቢያ የእርግዝና ክትትል ክፍል ትሠራለች እንበል። እናቶች የብረትና የፎሊክ አሲድ ክኒን ተቀብለው ይሄዳሉ፤ በቀጣዩ ቀጠሮ ሲመለሱ ግማሹ ክኒን ሳይነካ ቦርሳቸው ውስጥ ነው። አንዷ «ሆዴን ያመኛል» ትላለች። ሌላዋ «ጽንሱን ያገዝፈዋል፣ ምጥ ይከብድሻል ብለውኛል» ትላለች። ሦስተኛዋ ምንም አትልም፤ ክኒኑን ግን አልዋጠችም። ነርሷ በትርፍ ሰዓቷ የማስተርስ ትምህርት እየተማረች ነውና የመመረቂያ ጥናት ያስፈልጋታል። አንድ ቀን ማታ ደብተሯ ላይ እንዲህ ጻፈች፦

«ነፍሰ ጡሮች የብረት ክኒን ለምን አይወስዱም? ደም ማነስ በዝቷል፣ ከዚህ ጋር ይያያዝ ይሆን? ቡናና ሻይ፣ ጾምም አለ። ምክር በደንብ ብንሰጥ ይሻሻላል? በአምስቱም ጤና ጣቢያ ቢሠራ። ሄሞግሎቢን ብንለካ። መጠይቅ፣ 200 ሰው?»

ነርሷም ደብተሯም ለዚህ ጽሑፍ የታሰቡ ናቸው። ጉዳዩ ግን የታሰበ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ2016 የተካሄደው የኢትዮጵያ የሥነ ሕዝብና የጤና ዳሰሳ እንዳሳየው፣ በመጨረሻው እርግዝናቸው የብረት ክኒን ጨርሶ የወሰዱት እናቶች 42 በመቶ ያህል ነበሩ። 90 ቀንና ከዚያ በላይ የወሰዱት ደግሞ 5 በመቶ ብቻ ናቸው። ስለዚህ የነርሷ ጥያቄ ተገቢ ጥያቄ ነው። ችግሩ ያለው ማስታወሻዋን እንዳለ ወስዳ መጠይቅ ለማዘጋጀት ብትቸኩል ነው። ብዙ ተማሪ የሚያደርገው ይህንኑ ነው፤ መጠይቁ ይቀድማል፣ ዓላማው በኋላ እንዲስማማው ተደርጎ ይጻፋል። ከዚያ መረጃው ተሰብስቦ ካለቀ በኋላ ዋናው ጥያቄ መልስ እንደሌለው ይታወቃል።

ማስታወሻውን ቀስ ብለን ስናነበው አንድ ጥናት አይደለም፣ አራት ነው። ክኒኑን በአግባቡ የሚወስዱት ስንት ናቸው የሚለው ቆጠራ ነው፤ በመጠይቅ ይመለሳል። ለምን አይወስዱም የሚለው ደግሞ ከጥቂት እናቶች ጋር ረጋ ብሎ ረጅም ወግ መያዝን ይፈልጋል፤ «አዎ» እና «አይደለም» የሚል ሣጥን የሰውን ምክንያት አይዝም። ክኒኑን አለመውሰድ ከደም ማነስ ጋር ይያያዛል ወይ የሚለው የደም ምርመራ ይጠይቃል። ምክር ብንሰጥ ይሻሻላል ወይ የሚለው ከሁሉም ይከብዳል፤ የተሻለ ምክር የሚያገኙና የተለመደውን የሚያገኙ እናቶችን ለይቶ ለወራት መከታተል ነው። ለአንድ ሰው፣ በአንድ ዓመት፣ በተማሪ በጀት አራቱን መሥራት አይቻልም።

ታዲያ የትኛው ይቅር? ለዚህ ምርጫ ከማውቃቸው መንገዶች ሁሉ የሚረዳው ባዶ ሰንጠረዥ መሳል ነው። መረጃው ተሰብስቦ ያለቀ ይመስል፣ ጥናቱ ሲጠናቀቅ የሚታተመውን ዋና ሰንጠረዥ ያለ ቁጥር በወረቀት ላይ ማስመር ማለት ነው። ነርሷ ብትሞክረው፣ በግራ በኩል «ምክር ያገኙ» እና «ምክር ያላገኙ» ብላ ትጽፋለች፤ ከላይ «በአግባቡ የወሰዱ» እና «ያልወሰዱ» ትላለች። አራት ባዶ ሣጥን ተፈጠረ። አሁን ጾምን የት ታስገባው? ቡናውን? ለጾም ሌላ ሰንጠረዥ ያስፈልጋል፤ እሱን ለመሙላት ሌላ ጥያቄ፣ ያንን ለመጠየቅ ደግሞ ተጨማሪ ደቂቃ ከእናቲቱ ላይ ይወሰዳል። ቡናና ሻይ ብረቱ በአንጀት እንዳይሰርግ ያግዳሉ እንጂ እናቲቱ ክኒኑን ዋጠች አልዋጠችም የሚለውን አይወስኑም። ስለዚህ ሰንጠረዡ ውስጥ ቦታ የላቸውም፣ ከመጠይቁም ይወጣሉ። ሰንጠረዥ ላይ ቦታ የሌለው ጥያቄ ለማንም አይጠየቅም።

ሄሞግሎቢኑን መተው ግን ነርሷን ያሳዝናታል፤ «ደም ማነስ» የሚለው ቃል ለጥናቱ ክብደት የሚሰጠው ይመስላታልና። እዚህ ላይ ዘርዘር አድርገን እንይ፣ ምክንያቱም አንድ ትንሽ መለኪያ መጨመር ንድፉን ሁሉ እንዴት እንደሚጎትት የሚታየው በዚህ ነው። ለነፍሰ ጡር ደም ማነስ የሚባለው ሄሞግሎቢን በዴሲ ሊትር ከ11 ግራም በታች ሲሆን ነው፤ ይህ ግን የባሕር ወለል ልክ ነው። በከፍታ ቦታ የሚኖር ሰው ኦክስጅን ስለሚያንሰው ሰውነቱ ተጨማሪ ሄሞግሎቢን ይሠራል። የዓለም ጤና ድርጅት ለብዙ ዓመታት ባሠራበት ሰንጠረዥ መሠረት 2,500 ሜትር ከፍታ ላይ ከተለካው ቁጥር 1.3 ግራም ይቀነሳል። በዚህ ከፍታ 11.5 የተለካች እናት ጤነኛ ትመስላለች፤ ተቀንሶ ሲታይ 10.2 ነው፣ ደም ማነስ አለባት። ደብረ ብርሃን ደግሞ ከዚህም ከፍ ትላለች። በዚህ ላይ ድርጅቱ እ.ኤ.አ. በ2024 የከፍታውን ማስተካከያ ለውጧል፤ በእርግዝና ሁለተኛ ሦስት ወር ላይ ያለውንም ወሰን ወደ 10.5 ዝቅ አድርጎታል። የትኛውን ልክ እንደምትጠቀም ያልጻፈች ተመራማሪ ውጤቷን ከሌላ ጥናት ጋር ማወዳደር አትችልም።

ሌላም ዕዳ አለ። ደም ከለኩ በኋላ ከ7 ግራም በታች የሆነች እናት ብትገኝ ቁጥሯን መዝግቦ «አመሰግናለሁ፣ ይሂዱ» ማለት አይቻልም። ወዴት እንደምትላክ፣ ማን እንደሚያደርሳት፣ ወጪውን ማን እንደሚችለው አስቀድሞ መጻፍ አለበት። መሣሪያው፣ የመመርመሪያ ቁሱና የሰለጠነ ባለሙያው በጀት ይፈልጋሉ። ደግሞስ ይህ ሁሉ ተደርጎ ምን ይገኛል? ዛሬ የተለካ ሄሞግሎቢንና ባለፈው ሳምንት የተዋጠ ክኒን አንድ ላይ ተቀምጠው የትኛው የትኛውን እንዳመጣ አይናገሩም። ደም ማነስ ያለባት እናት ነርሶች አጥብቀው ስላዘዟት ክኒኑን በደንብ ልትወስድ ትችላለች፤ ያን ጊዜ ውጤቱ ክኒን የሚወስዱት ደም ማነስ የበዛባቸው አስመስሎ ይወጣል። ስለዚህ ሄሞግሎቢኑ ይቀራል።

«ለምን» የሚለውም ለሌላ ጊዜ ይቆያል። የምክሩ ሙከራ ደግሞ ወደ ትንሽ ጥያቄ ይወርዳል፤ አዲስ ምክር መስጠት ሳይሆን አሁን በጤና ጣቢያው የሚሰጠው ምክር ከአወሳሰዱ ጋር ግንኙነት አለው ወይ ብሎ ማየት። ዓላማውም በአንድ ትንፋሽ የሚነበብ ይሆናል፦ «በከተማዋ አምስት ጤና ጣቢያዎች ክትትል የሚያደርጉና የብረት ክኒን ከተቀበሉ ቢያንስ አንድ ወር የሆናቸው ነፍሰ ጡር እናቶች ምን ያህሉ ክኒኑን በአግባቡ እንደሚወስዱ መለካት፣ ይህም ካገኙት ምክር ጋር ያለውን ግንኙነት ማየት።» ርዕሱ ላይ «የምክር አገልግሎት ተጽዕኖ» ብላ ጽፋ ከነበረ ትሰርዘው። በአንድ ቀን አንዴ ጠይቆ የሚያበቃ ጥናት ግንኙነትን ሊያሳይ ይችላል እንጂ ተጽዕኖን አያረጋግጥም።

ከዓላማው ወደ ዘዴው ስንሻገር መጀመሪያ የሚገጥመን «በአግባቡ» የሚለው ነው። በአግባቡ መውሰድ ማለት ምንድን ነው? በሀገራችን ብዙ ጥናቶች የሚጠቀሙበት ልክ በሳምንት ቢያንስ አራት ቀን መውሰድ ነው። ነርሷም ይህንን ብትይዝ ውጤቷን ከእነሱ ጋር ለማስተያየት ይመቻታል። ግን ስለ የትኛው ሳምንት ነው የምትጠይቀው? «ብዙ ጊዜ በሳምንት ስንት ቀን ይወስዳሉ?» ከተባለ ሰው የሚመልሰው ሊሆን ይገባል የሚለውን ነው። «ትናንት ወስደዋል? ከትናንት ወዲያስ?» እየተባለ ያለፉት ሰባት ቀናት አንድ በአንድ ሲቆጠሩ መልሱ ወደ እውነቱ ይቀርባል። አንድ ወር የሚለው ገደብ የመጣውም ለዚህ ነው፤ ክኒኑን ከተቀበለች አምስት ቀን የሆናት እናት ሰባት ቀን ልትቆጥር አትችልም። ባለፈው ሳምንት ጤና ጣቢያው ክኒን አልቆበት እጇ ባዶ የነበረች እናትም «አልወሰደችም» ተብላ አትመዘገብም። ጥፋቱ የመድኃኒት ቤቱ እንጂ የእሷ አይደለም። ስለዚህ መጠይቁ መጀመሪያ «ባለፈው ሳምንት ክኒን እጅዎ ላይ ነበር?» ብሎ ይጠይቃል።

ማን ይጠይቅ የሚለው ከምን ይጠየቅ እኩል ይመዝናል። ክኒኑን የሰጠችው ነርስ ራሷ «ወስደሻል ወይ?» ብትል የትኛዋ እናት «አልወሰድኩም» ትላለች? ነጭ ጋውን ለብሶ መጠየቅ መልሱን አስቀድሞ እንደ መንገር ነው። መረጃ ሰብሳቢዎቹ ከሌላ ጤና ጣቢያ ይምጡ፣ ጋውን አይልበሱ፣ እናቲቱንም ክትትሏን ጨርሳ ስትወጣ ለብቻዋ ያነጋግሯት። ይህም ሆኖ ሰው ራሱን ከፍ አድርጎ መናገሩ አይቀርም፤ ስለዚህ ክኒኑን ይዛ የመጣችው እናት ፈቃደኛ ከሆነች የቀረው ተቆጥሮ ከመልሷ ጋር ይነጻጸራል። ሁለቱ በጣም ከተራራቁ መረጃው ሲመዘን ያ ርቀት በግልጽ ይጻፋል።

«ምክር ያገኘች» የሚለውም ትርጓሜ ይሻል። እዚህ ጥናት ላይ ሦስት ነገር የተነገራት ብንል ይበቃል፦ ክኒኑ ለምን እንደሚጠቅም፣ ማቅለሽለሽ ወይም የሰገራ መጥቆር ቢመጣ ምን ማድረግ እንዳለባት፣ በምን ሰዓት እንደምትወስደው። አንድ ድክመት ግን አለው፤ ክኒኑን የምትወስድ እናት ምክሩንም በተሻለ ታስታውሳለች። የረሳችው ሳትመከር ቀርታ ላይሆን ይችላል። ይህንን ድክመት በመጠይቅ ብቻ ማስቀረት አይቻልም፤ ንድፉ ላይ ከጥናቱ ውስንነቶች እንደ አንዱ ተጽፎ ይቀመጣል። ውስንነት የሌለው ንድፍ የሚያቀርብ ተማሪ ንድፉን ገና አላሰበበትም።

አሁን ወደ «200 ሰው?» እንምጣ። ይህ ቁጥር ከየት መጣ? ምናልባት የቀድሞ ተመራቂ 200 ሰው ጠይቆ ነበር፤ ምናልባት ክብ ቁጥር ስለሆነ ነው። የናሙና መጠን ግን ከዓላማው ነው የሚወለደው። ምን ያህሉ የሚለውን የመቶኛ ጥያቄ ለመመለስ የሚሠራበት ቀመር ይህ ነው፦

```
n = Z² × p × (1 − p) ÷ d²
```

n የሚፈለገው የሰው ብዛት ነው። Z በ95 በመቶ መተማመን 1.96 ነው። d ተመራማሪዋ የምትታገሰው የስህተት ህዳግ ነው፤ 5 በመቶ ከመረጠችና ውጤቱ 55 ከመጣ፣ እውነቱ ከ50 እስከ 60 ባለው ውስጥ ይገኛል ብላ ትናገራለች። p ደግሞ ይገኛል ተብሎ የሚጠበቀው መቶኛ ነው። ይህች ፊደል ናት ብዙ ጉድ የምታመጣው። ገና ያልተጠናን ነገር መጠን አስቀድሞ ከየት ማወቅ ይቻላል? መልሱ ተመሳሳይ ቦታ ላይ፣ በተመሳሳይ ትርጓሜ ከተሠራ ጥናት መውሰድ ነው፤ ከጠፋ 0.5 ይያዛል፣ ምክንያቱም ትልቁን ናሙና የሚያመጣው እሱ ነው።

ነርሷ የብሔራዊ ዳሰሳውን 5 በመቶ አይታ p ላይ 0.05 ብታስገባ 73 ሰው ብቻ ይወጣላታል። ደስ ይላል፣ ሥራው በሳምንት ያልቃል። ግን ሁለት ስህተት ሠርታለች። አንደኛ፣ ያ ቁጥር 90 ቀንና ከዚያ በላይ የወሰዱትን ይለካል፤ የእሷ ልክ በሳምንት አራት ቀን ነው። ዳሰሳው ክትትል ጨርሶ ያላደረጉትንም ይጨምራል፤ የእሷ እናቶች ግን ሁሉም ክትትል ላይ ያሉ ናቸው። ሁለተኛ፣ 5 ላይ አምስት ሲጨመርና ሲቀነስ ከ0 እስከ 10 ይሆናል። «ከዜሮ እስከ አሥር በመቶ» የሚል ውጤት ለወረዳ ጤና ጽሕፈት ቤት ምን ይነግረዋል? መቶኛው ትንሽ ከሆነ ህዳጉም አብሮ መጥበብ ነበረበት። ስለዚህ 0.5 ትይዛለች። 1.96 በራሱ ሲባዛ 3.8416፣ በ0.25 ሲባዛ 0.9604፣ ለ0.0025 ሲካፈል 384.16 ይመጣል። ሰው አይቆራረጥምና ወደ ላይ ተጠጋግቶ 385 ይሆናል።

በሀገራችን የመመረቂያ ጽሑፎች ላይ 423 የሚለው ቁጥር ስንት ጊዜ እንደሚገኝ ያየ ሰው ይስቃል። ከ384 ላይ 10 በመቶ «እምቢ ለሚሉ» ተጨምሮ ነው የሚመጣው። ሂሳቡ ግን ተገልብጧል። 423 እናቶች ተጠይቀው አሥር በመቶዎቹ እምቢ ቢሉ የሚቀሩት 380 ናቸው፣ ከሚፈለገው ያንሳሉ። 385ን ለ0.9 ማካፈል ነው የሚገባው፤ 428 ይሆናል። ልዩነቱ አምስት ሰው ነው፣ ጥናት አያፈርስም። ነገር ግን ቁጥሩ ታስቦበት ሳይሆን ከሌላ ሰው ጽሑፍ ተገልብጦ እንደመጣ የሚያጋልጠው እንዲህ ያለ ዝርዝር ነው።

የነርሷ ሕዝብ ደግሞ ትንሽ ነው። ጥናቱ በሚቆይበት ሁለት ወር ውስጥ በአምስቱ ጤና ጣቢያዎች 1,200 እናቶች ይጠበቃሉ እንበል። መዝገቡ ላይ የሚታየው የጉብኝት ብዛት ከዚህ በጣም ሊበልጥ ይችላል፤ አንዲት እናት ሁለትና ሦስት ጊዜ ትመጣለችና። ጉብኝትን እንደ ሰው የቆጠረ ተማሪ የሌሉ እናቶችን ሲፈልግ ይከርማል። ጠቅላላው ሕዝብ እንዲህ ውስን ሲሆን ማስተካከያ አለ፤ 385ን ለ«1 ሲደመር 384 ሲካፈል ለ1,200» ማካፈል ነው። ውጤቱ 292 ይሆናል፣ እምቢ የሚሉት ሲታሰቡ 325።

ይህ ግን የመጀመሪያውን ዓላማ ብቻ ነው የሚመልሰው። ሁለተኛው፣ የምክሩ ጉዳይ፣ ሁለት ቡድን ያወዳድራልና የራሱ ስሌት አለው። ነርሷ መወሰን ያለባት ምን ያህል ልዩነት ቁም ነገር ነው የሚለውን ነው። ምክር ካገኙት 60 በመቶ፣ ካላገኙት 45 በመቶ ክኒኑን በአግባቡ የሚወስዱ ቢሆን፣ ያንን የ15 ነጥብ ልዩነት ከመቶ ሰማንያ ዕድል ባለው አቅም ለማየት ከየቡድኑ 170 እናቶች ያስፈልጋሉ። ሁለቱ ሲደመሩ 340፣ እምቢ የሚሉት ሲታሰቡ 378። ከሁለቱ ዓላማዎች የሚበልጠው ይያዛል፤ ስለዚህ ናሙናው 378 ነው። ስሌቱ ግን ግማሾቹ ምክር ያገኙ ናቸው ብሎ የገመተ ነው። ሩብ ያህሉ ብቻ ከሆኑ ትንሹ ቡድን ስለሚሳሳ የሚያስፈልገው ጠቅላላ ከ450 ያልፋል። ስለዚህ መጠይቁ በሌላ ጤና ጣቢያ ወደ 20 በሚሆኑ እናቶች ላይ ሲሞከር፣ ጥያቄው ይገባል ወይ ከማየት ባሻገር ምክር ያገኙት ስንት እንደሆኑም መቃኘት ይበጃል። የሃያ ሰው ግምት ሻካራ ነው፤ ግማሽ ያልነው ከእውነቱ በጣም መራቁን ግን ይጠቁማል።

እነዚህ 378 እናቶች እንዴት ይመረጡ? 1,200 ለ378 ሲካፈል ከሦስት ትንሽ ይበልጣል፤ ስለዚህ ከመዝገቡ ከየሦስቱ አንዷ ትጠየቃለች፣ የመጀመሪያዋ ከአንድ እስከ ሦስት ካሉት በዕጣ ትወሰናለች። በዚህ መንገድ እስከ ሁለተኛው ወር መጨረሻ 400 ያህል ይገኛሉ። 378 ሲሞላ ማቆም ፈታኝ ነው፤ ግን የመጨረሻውን ሳምንት መዝለል ነው፣ ያ ሳምንት ደግሞ ጾም የገባበት ወይም ክኒን ያለቀበት ሊሆን ይችላል። እስከ መጨረሻው ቀን መቀጠል ይሻላል። መረጃ ሰብሳቢዎቹ በሁሉም የሥራ ቀን መገኘት አለባቸው። በሳምንት ሁለት ቀን ብቻ ከመጡ፣ ገበያ ስትወጣ ክትትሏንም የምታደርገው የገጠር እናት ትቀራለች። የተጠየቀች እናት ካርድ ላይ ትንሽ ምልክት ይደረግ፣ በቀጣዩ ወር ዳግመኛ እንዳትቆጠር።

ሥነ ምግባሩ በብዙ ንድፎች መጨረሻ ላይ በሦስት መስመር ያልፋል፦ ፈቃድ ይጠየቃል፣ ምስጢር ይጠበቃል፣ ደብዳቤ ይጻፋል። እስካሁን ያየነውን ያስተዋለ ግን ሥነ ምግባሩ ከመጀመሪያው ጀምሮ ንድፉን ሲቀርጽ እንደነበረ ያያል። ሄሞግሎቢኑን ካስወጡት ምክንያቶች አንዱ እሱ ነው። ጋውን ያልለበሰ ጠያቂ ከሌላ ጤና ጣቢያ ያስመጣውም ለመልሱ ጥራት ብቻ አይደለም፤ የምታዋልዳት ነርስ «ትሳተፊያለሽ?» ስትላት እናቲቱ እምቢ ማለት ስለማትችል ነው። የናሙናው መጠንም የሥነ ምግባር ጉዳይ ነው። ጥያቄውን ሊመልስ የማይችል 73 ሰው መጠየቅ የ73 እናቶችን ጊዜ በከንቱ መውሰድ ነው።

የቀሩት ነገሮች ዝርዝር ናቸው፣ ግን የሥነ ምግባር ገምጋሚ ኮሚቴ ንድፉን የሚመልሰው በእነሱ ነው። ማንበብ የማትችል እናት ፈቃዷን እንዴት ትሰጣለች? የመረጃ ወረቀቱ በአማርኛ ይነበብላታል፣ ከጥናቱ ቡድን ውጭ የሆነ ምስክር ባለበት የጣት አሻራዋን ታኖራለች። ባሏ ውጭ ቆሞ «ጠይቋት፣ ፈቅጃለሁ» ቢል? የእሱ ፈቃድ የእሷን አይተካም። ዕድሜዋ ከ18 በታች የሆነች ነፍሰ ጡር ብትመጣስ? ይህ ከባድ ጥያቄ ነው። እሷን መተው በጣም የሚያሳስበውን ቡድን ከጥናቱ ማስወጣት ነው፤ ማካተት ደግሞ የማን ስምምነት እንደሚያስፈልግ መወሰንን ይጠይቃል። ነርሷ ያሰበችውን ጽፋ ለኮሚቴው ታቅርብ እንጂ ሜዳ ላይ ለመረጃ ሰብሳቢ አትተወው። ስም መጠይቁ ላይ አይጻፍም፣ መለያ ቁጥር ይበቃል። አልሳተፍም ያለች እናት አገልግሎቷ እንደማይጓደል የመረጃ ወረቀቱ ላይ በግልጽ ይሰፍራል። በጥያቄው መካከል የከፋ ራስ ምታት ወይም የደም መፍሰስ እንዳለባት የተናገረች እናት ደግሞ መጠይቁ ተቋርጦ ወዲያው ወደ ነርሷ ትመለሳለች።

እንግዲህ የዚያ ማታ ማስታወሻ ከግማሽ ገጽ በማይበልጥ ጽሑፍ እንዲህ ይቀመጣል፦

«ዓላማ፦ በአምስት ጤና ጣቢያዎች ክትትል ላይ ካሉና ክኒኑን ከተቀበሉ አንድ ወር ከሆናቸው እናቶች የብረት ክኒን በአግባቡ የሚወስዱትን መጠን መለካት፣ ከምክር ጋር ያለውን ግንኙነት ማየት። ዘዴ፦ በአንድ ጊዜ የሚደረግ የመጠይቅ ጥናት፤ በአግባቡ ማለት ባለፉት ሰባት ቀናት ቢያንስ አራቱን መውሰድ፤ ጠያቂዎች ከሌላ ጤና ጣቢያ፤ ከየሦስት እናቶች አንዷ፣ ለሁለት ወር። ናሙና፦ ቢያንስ 378፣ በሁለተኛው ዓላማ የተወሰነ። ሥነ ምግባር፦ ደም አይወሰድም፤ ፈቃድ በፊርማ ወይም ምስክር ባለበት በአሻራ፤ ለብቻ ክፍል፤ አደገኛ ምልክት ያላት ወዲያው ወደ ሕክምና።»

ይህ ገና ፕሮቶኮሉ አይደለም፣ አጽሙ ነው። ነገር ግን ለአማካሪ ሲቀርብ ስለ ጥናቱ መነጋገር ይቻላል። 200 ሰው ያለበትን ማስታወሻ ይዞ የሄደ ተማሪ ጋር የሚቻለው ስለ ርዕስ መነጋገር ብቻ ነው።

የጊዜ ሰሌዳውን የምታወጣ ሁሉ አንድ ነገር ልብ ትበል። የወረዳው ጤና ጽሕፈት ቤት የድጋፍ ደብዳቤ ወደ ጤና ጣቢያው ያስገባል እንጂ የኮሚቴውን ፈቃድ አይተካም፤ የኮሚቴው ፈቃድም የእናቲቱን አይተካም። መረጃ ከተሰበሰበ በኋላ ለተሠራ ሥራ ኮሚቴ ወደ ኋላ ተመልሶ አያጸድቅም። ከጸደቀ በኋላም አንድ ጥያቄ ለመጨመር፣ ስድስተኛ ጤና ጣቢያ ለማካተት፣ ወይም «እግረ መንገዴን» ብሎ ሄሞግሎቢን ለመለካት ማሻሻያው ተጽፎ እንደገና መቅረብ አለበት። ስለዚህ ጠያቂ ከመቅጠርና መጠይቅ ከማባዛት በፊት ንድፉን ለኮሚቴው አስገቡ፤ ለሚመጣው አስተያየት መልስ የምትሰጡበትን ጊዜም ሰሌዳው ላይ ያዙ።